ጅቡና ቁርበቱ፦ ለዘብ ያሉ የስድብ ምሳሌዎችን ወደ አዲስ ጨዋታ ስለመለወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ሰው ሰውን ሊነቅፍ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይናገረውም። ጅብ ወይም ፍየል፣ አንዳንዴም ሥራ ያጣ መነኩሴ ያስመጣና ነገሩን በእነሱ አፍ ያሳልፈዋል። እነዚህን ምሳሌዎች ከአያቶቻችን ሰምተናቸዋል፤ እንደ ወረዱ ስንደግማቸው ግን ሰሚው ገና ሳንጨርስ ጨርሶልን ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሰንበቴ፣ በደቦና በሠርግ ቤት ጨዋታ ማድመቅ የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ለዘብ ያለ ስድብ ከተራው ስድብ በምን ይለያል?

ተራ ስድብ ሰውየውን በስሙ ወይም በ«አንተ» ይይዘዋል። ምሳሌው ግን አይጠራውም። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ሲባል የተወራው ስለ ፍየል ነው። እንግዳው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ መሶቡን ገልጦ ካየ፣ ፍየሏ ማን እንደሆነች ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ሆኖም ማንም ጣት አልቀሰረበትም። እንዳልሰማ ሆኖ ቢያልፍ ክብሩ አይጎድልም። ከሳቀ ከሁሉም ጋር ሳቀ ማለት ነው። ከመለሰ ደግሞ ጨዋታው ደመቀ።

ሌላው ልዩነት የሚወጋው ቦታ ነው። ጥሩው ምሳሌ የሚነካው ሰውየው ያደረገውን ነገር ነው፤ መቸኮሉን፣ ሳይጠሩት መግባቱን፣ ሥራውን ማለባበሱን። እነዚህን ሁሉ ከፈለገ ነገ ሊተዋቸው ይችላል። በሰውነቱ፣ በትውልዱ ወይም በድህነቱ ላይ ያረፈ ቃል ግን በጅብ ስምም ቢነገር ለስላሳ አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰውየው ሊያርመው የሚችለው ነገር የለም። ይህን ልዩነት ሳይዙ አዲስ ቀልድ ልሥራ ማለት ጨዋታ የነበረውን ወደ ጠብ መቀየር ነው።

ለማደስ የሚመቹት የትኞቹ ምሳሌዎች ናቸው?

ሁሉም አይመቹም። «ካፍ የወጣ አፋፍ» ውብ ነው፤ ግን በጣም አጭር ስለሆነ አንዱን ቃል ብትነካው ይፈርሳል። የሚመቹት በመካከላቸው ስንጥቅ ያላቸው ናቸው፤ ማለትም የመጀመሪያው ግማሽ ሲነገር ሰሚው ሁለተኛውን ግማሽ በልቡ የሚጨርስባቸው። አዲሱ ቀልድ የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። ሰሚው የሚያውቀውን ይጠብቃል፤ አንተ ግን በዚያው ምት ሌላ ነገር ትሰጠዋለህ።

ለምሳሌ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለውን እንውሰድ። ገበሬ እንደሚያውቀው ማለባበስ ማለት በሁለት ትልም መካከል ያልተነካውን መሬት ከጎኑ በተገለበጠው አፈር መሸፈን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ሁሉ የታረሰ ይመስላል። ዝናቡ ጠንክሮ ሲጥል ግን ያልታረሰው ቦታ አረሙን ያበቅልና ሥራውን ያጋልጣል። ምሳሌው የሚወጋውም ይህንኑ ነው፤ ለዓይን የተሠራ ሥራ። እንግዲህ ይህን አይነት ሥራ ዛሬ የት እናየዋለን ብሎ መጠየቅ ነው። የፈተና ሰሞን ደብተሩን ገልጦ ስልኩን የሚያይ ተማሪ ቢኖር «አለባብሰው ቢያጠኑ በፈተና ይለምኑ» ይባልለታል። «ቢያጠኑ» እና «ይለምኑ» ቤት ይመታሉ፣ ምቱም የድሮው ነው፣ ጎኑ ያለውን ተፈታኝ የሚለማመጠውም ተማሪ ወዲያው ይታያል። ምሳሌው ከማሳ ወደ ክፍል ተዛወረ እንጂ ትርጉሙን አልለቀቀም።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የእድር ኮሚቴ ባለፈው ወር የወሰነውን ነገር እንደገና አንስቶ ሲወያይበት ቢያመሽ፣ «ሥራ ያጣ ስብሰባ አጀንዳውን ቀዶ ይሰፋል» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የተለወጠው መነኩሴውና ቆቡ ብቻ ነው። «ቀዶ ይሰፋል» የሚለው መቆየት አለበት፤ የድሮውን ምሳሌ የሚያስታውሰው እሱ ነውና።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይታደሳል?

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ይዘን እንሂድ፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ የለም።

መጀመሪያ ምሳሌው ውስጥ የሚያስቀው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁርበት ለጅብ ምግቡ ነው። ጅቡን የሚያውቁት ሰዎች ቁርበት አጠገቡ አያስቀምጡም። በማያውቁት አገር ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ቁርበት ላይ እቀመጣለሁ ይላል። የሚተቸው እንግዲህ ጥጋብ ወይም ኩራት ብቻ አይደለም። አመሉን በሚያውቁት ዘንድ የማይሆነውን ሰው በማያውቁት ዘንድ ሆኖ ለመታየት መሞከርን ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ጅቡን ሲያድስ ዝም ብሎ ኩራተኛ ያደርገዋል፤ ያኔ ቁርበቱ ለምን እንደገባ አይታወቅም።

አሁን ሁኔታውን እናስቀምጥ። በቢቸና አካባቢ ባለ አንድ ቤት ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጣ የእህት ልጅ አለ እንበል። እዚያው በሶና ጎመን በልቶ፣ መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው። አሁን ግን መደቡ ጎኔን አመመኝ ይላል፣ ጠላው ወፈረብኝ ይላል፣ እንጀራውን አገላብጦ ያያል። አክስቱ ልትነግረው ፈለገች። ምን ትበለው?

«አንተ ጅብ! እዚሁ አይደል ያደግኸው?» ብትለው ጭምብሉ ወደቀ፤ ልጁ በበዓል ቀን ተሰደበ። የድሮውን ምሳሌ እንዳለ ብትለው ደግሞ ልክ አይገጥምም። ልጁ የመጣው ወደሚያውቁት አገር ነዋ! ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምሳሌው ከሁኔታው ጋር የማይገጥምበትን ቦታ ስታገኝ አታልፈው፤ አዲሱ ቀልድ ያለው እዚያው ነው። የድሮው ጅብ ከሚያውቁት ወደማያውቁት ሄደ። ይኸኛው ጅብ ከማያውቁት ወደሚያውቁት ተመለሰ። ሲመለስ ምን ይላል?

አክስቲቱ ቡናውን እየቀዳች፣ ማንንም ሳታይ እንዲህ ትላለች፦

«ጅብ ከተማ ደርሶ ቢመለስ፣ ቁርበቱ ቆረቆረኝ አለ።»

ጅቡ አለ፣ ቁርበቱም አለ፣ «አለ» የምትለው መዝጊያም በቦታዋ ናት። የተለወጠው የመንገዱ አቅጣጫና ጅቡ የተናገረው ነገር ነው። «ቁርበት» እና «ቆረቆረ» ደግሞ ድምፃቸው ስለሚቀራረብ አፍ ላይ ይጣፍጣሉ። ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም። «ቁርበቱ ቆረቆረኝ አለ፤ ልክ እንደ አንዳንድ ሰዎች» ቢባል ሙሉ በሙሉ ይበላሻል። በአማርኛ የነገሩ መርፌ ያለው መጨረሻ ላይ፣ ግሱ ላይ ነው፤ ከግሱ በኋላ የተጨመረ ማንኛውም ቃል ሳቁን ያፍነዋል።

ልጁስ? ቢቆጣ አክስቱን አስቀየመ፣ ዝም ቢል ተሸነፈ። ሦስተኛ መንገድ ግን አለው፤ ጅቡን ተቀብሎ ከጅቡ አፍ መመለስ፦

«ቆርቁሮኝ አይደለም አክስቴ፤ ስቀመጥበት እየራበኝ ነው እንጂ።»

ይህ መልስ ጥሩ የሆነው ልጁ የምሳሌውን ምስጢር እንደሚያውቅ ስለሚያሳይ ነው። አዎ ጅብ ነኝ፣ ቁርበትም ለጅብ ምን እንደሆነ አልረሳሁም አለ። ቤቱ ይስቃል፣ አክስቲቱም ወጥ ትጨምርለታለች። ስድቡ ተነግሮ፣ ተሰምቶ፣ ተመልሶ አለቀ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ መደቡን የሚያማርር አይመስለኝም።

ይህንኑ መንገድ በሌላ ምሳሌ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው በዚሁ ቅደም ተከተል ይሂድ። ምሳሌው በትክክል የሚወጋው ምን እንደሆነ ይለይ፤ ከያዘው ሁኔታ ጋር የማይገጥምበትን ቦታ ይፈልግ፤ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ይለውጥ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ ይበለውና ምላሱ የሚደናቀፍበትን ቃል ያውጣ።

ቤት መምታቱ የግድ ነው?

የድሮው ቤት የሚመታ ከሆነ፣ አዎ። ሰሚው ምሳሌውን የሚያውቀው በጆሮው ነውና። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን አንድ ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ኦንላይን ላይ ነው» ብሎ ሊያድሰው ቢሞክር ሐሳቡ ይገባል፤ ሳቅ ግን አይመጣም፤ ጆሮ «ት»ን ሲጠብቅ ሌላ ነገር ደረሰበት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይጠይቁት ኮሜንት» ቢል ግን ይሠራል። በየሰው ጉዳይ ሳይጠየቅ ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ቃሉም ቤቱን መታ።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለዛሬ የሚመች ይመስለኛል። ዘመድ ቤት ገብቶ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ የባለቤቱን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቶ ቪዲዮ ማየት ለሚጀምር እንግዳ «ፍየል ከመድረሷ ዳታ መጨረሷ» ማለት ነው። «ከመድረሷ» እና «መጨረሷ» ከድሮው ይበልጥ እንኳ ይገጥማሉ። ፍየሏን አለማውጣት ነው ዋናው ነገር። «እንግዳ ከመድረሱ ዳታ መጨረሱ» ብትል ቤት ይመታል፣ ግን ጭምብል የለውም፤ እንግዳውን በግልጽ ከሰስከው።

ቤት የማይመቱ፣ ታሪክ የሚነግሩ ምሳሌዎችም አሉ፤ የጅቡ አንዱ ነው። በእነዚህ ውስጥ ቤቱን ሳይሆን የመጨረሻውን ግስ መጠበቅ ይበቃል።

ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ከቅኔ ምን ሊማር ይችላል?

ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው። ከዋድላ ጋር ሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ሲቆጠሩ ሁለቱ እዚሁ ናቸው። ስለዚህ ቅኔ ያልተማረ ገበሬ እንኳ ሰምና ወርቅ የሚለውን ነገር በጆሮው ይዞት ያድጋል። ለእኛ ጉዳይ ከዚያ ሁለት ነገር ልውሰድ።

አንደኛው፣ ሰሙ ብቻውን መቆም አለበት። ወርቁን ያላገኘ ሰው እንኳ ሰሙን ሰምቶ ስሜት ሊሰጠው ይገባል። ወደ ቀልድ ስንመልሰው፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንደተነካ የማያውቅ ሌላ እንግዳ ቢኖር የጅቡ ታሪክ እንደ ጅብ ታሪክ ብቻ ሊያስቀው ይገባል። ጅብ ከተማ ደርሶ ቢመለስ ቁርበቱ ቆረቆረኝ አለ የሚለው የአክስቲቱን የእህት ልጅ ለማያውቅ ሰውም ያስቃል። «ሥራ ያጣ ስብሰባ» የሚለውም እንዲሁ። እገሌ የተባለውን ሰው ካላወቅህ የማይገባ ቀልድ ግን ሰም የለውም፤ ወርቁን ራቁቱን አውጥቶ ያስቀመጠ ነው፤ ይህ ደግሞ ተራ ስድብ ነው።

ሁለተኛው፣ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ይዞ አይቀርብም። ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩም አዲስ አድርጎ ይነግራል፤ ያውም ከትንሿ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ። የሌላ ሰው ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ እዚያ ነውር ነው። በጨዋታም እንዲሁ ቢሆን እወዳለሁ። በአንድ ሰንበቴ ያሳቀ ነገር በሚቀጥለው ሰንበቴ እንደገና ሲቀርብ ያው ሰው ሁለተኛ ተነካ፤ መጀመሪያ ስቆ ያለፈው ሰው በሁለተኛው ፊቱ ይጠቁራል። ቀልዱ ለዚያች ሰዓትና ለዚያች ቤት የተሠራ ነበር። ለሌላ ሰዓት ሌላ ይሥራ፤ ምሳሌው እንደሆነ አያልቅም።

ታላቅ ሰውን በዚህ መንገድ መንካት ይፈቀዳል?

ታላቅ ታናሹን እንደልቡ ይነካል፤ እኩያ ለእኩያ ይመላለሳል። ታናሽ ወደ ታላቁ ሲሄድ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። በተለይ «ሞኝ» የሚል ቃል ያለባቸው፣ እንደ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ወይም «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ያሉት፣ ለእኩያ እንጂ ለታላቅ አይሆኑም። እነዚህ ምሳሌዎች ጭምብላቸው ስስ ነው፤ እንስሳ የለባቸውም፣ ሞኙ ሰው ነው።

ሁልጊዜ አንድ ታሪክ የሚደጋግሙ ሽማግሌ ቢኖሩ ታናሽ ማድረግ የሚችለው ምሳሌውን በራሱ ላይ ማዞር ነው። «አባባ፣ አንቱ የነገሩን ታሪክ ጣፍጦን እኛም እንደ ሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እያልን እናስደግምዎታለን» ቢል፣ ሞኙ ተናጋሪው ራሱና ጓደኞቹ ሆኑ። ሽማግሌው ነገሩን ያገኙታል፤ ካልፈለጉም አያገኙትም። «አንቱ» ከዚህ ውስጥ ከወጣ ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ለየኔታና ለቄስ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ» የሚለውን መነኩሴ ባለበት ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል፤ እሳቸው ራሳቸው ካነሱት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያነሱታል።

ስለ ቦታው ባጭሩ፦ ደቦና ሠርግ ክፍት ናቸው። ሰንበቴ ላይ ጠበሉ ከተቀመሰና ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እስከ ሰልስት አይሞከርም። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሐዘንተኛውን ሊያጫውት ሲቀመጥ ለዘብ ያለ ነገር ይፈቀዳል፤ ሐዘንተኛውን ራሱን ግን አይነካም።

የቆዩት ሁሉ ይታደሳሉ? የሚጎዱትስ?

አይታደሱም። የእጅ ሙያተኛን በሙያው፣ ሰውን በአካል ጉዳቱ ወይም በዘሩ የሚያንቋሽሹ የቆዩ አባባሎች አሉ፤ እዚህ አልጽፋቸውም። ሸማኔና ቀጥቃጭ በሙያቸው ምክንያት ሲሰደቡ የኖሩበት አገር ስለሆነ፣ በእነዚህ ላይ የተሠራ አዲስ ቀልድ የድሮውን ቁስል እንደገና ይነካል። ፍየልም ጅብም ቢገባበት አያድነውም።

በመካከል ያሉም አሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ ይጠየቃል። አንዳንዶች ገልብጠው «ወንድ ባያውቅ ከሴት ይጠይቅ» ይላሉ። ቤት ይመታል፣ አጭር ነው፣ ባልና ሚስት ገበያ ቆይተው ሒሳብ ሲተሳሰቡ ደግሞ ቤቱን ያስቃል። እኔ የምወደው አንድ ሰው የድሮውን ጮክ ብሎ ሲያነሳ በመልስነት ሲባል ነው፤ ያኔ የድሮው ተቀባይነቱን ያጣል። ማንም ሳያነሳው፣ የድሮውን ጭራሽ ባልሰሙ ልጃገረዶች ፊት መናገር ግን አልወድም። የተገለበጠው እንዲገባቸው የድሮውን ማስረዳት ግድ ይሆናልና፣ ቢረሳ የሚሻለውን ነገር አስተማርናቸው ማለት ነው።

ቀልዱ እንደወደቀ በምን ይታወቃል? ከዚያስ?

ሳቅ አለመኖሩ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ጥሩ ምሳሌ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚገባው። የሰዉን ዓይን ተመልከት። ቀልዱ ከሠራ ሰዉ የሚያየው ተናጋሪውን ነው፣ ወይም እርስ በርሱ ይተያያል። ከወደቀ ግን ሁሉም የተነካውን ሰው ያያሉ፤ ይጎዳ ይሆን ብለው። ሌላው ምልክት የተነካው ሰው ጭምብሉን ራሱ ሲያወልቀው ነው፤ «ጅቡ እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ጨዋታው አልቋል።

ያኔ ማብራራት አያዋጣም። «አይ፣ እኔ እኮ በአጠቃላይ ነው የተናገርኩት» ማለት ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ጥሩ መውጫዎች አሉ። አንዱ፣ ወዲያው ሌላ ምሳሌ አንስቶ በራስ ላይ ማዞር ነው፤ «እኔስ ብሆን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለላት ነኝ» ማለት ይቻላል። የራሷን ወጥ አሳርራ የጎረቤቷን የምታማስለው ሴት ሌላውን ለሚተች ሰው ሁሉ ትስማማለች፤ ተናጋሪው ስለራሱ ሲላት ደግሞ የተነካው ሰው ይፈታል። ሌላው ደግሞ በቀጥታ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ሰውየው በእውነት ከተጎዳ ከዚህ ሌላ የለም።

የተሳካበት ምልክት ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። የተነካው ሰው በምሳሌ ከመለሰ ተሳክቷል። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ካለህ፣ ስድብህን ተቀብሎ አንተኑ ጅብ አድርጎሃል፤ ያውም «አያ» ብሎ እንደ ታላቅ ወንድም አክብሮ። የመጨረሻውን ቃል እሱ ይውሰድ፤ በዚያ ላይ ሌላ አትጨምር።

በስልክ ጽፎ መላክስ?

ከድምፅ ውጭ ብዙ ነገር ይጠፋል። አክስቲቱ ቡና እየቀዳች ማንንም ሳታይ መናገሯ የቀልዱ ግማሽ ነበር። ጽሑፍ ግን ማንን እንዳየህ አያሳይም፤ ስለዚህ አንባቢው ከሁሉ የከፋውን ይገምታል። መላክ ካለበት በድምፅ መቅዳት ይሻላል። ሰውየው በሌለበት ቡድን ውስጥ ስለሱ የተሠራ ምሳሌ መላክ ግን ሐሜት ነው፤ ምሳሌ ሊመለስ የሚችለው የተነካው ሰው ሲሰማው ብቻ ነውና።

ልጆች ይህን እንዴት ይለምዱታል?

በእንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ሲባል ቆይቶ ያልቻለው ልጅ አገር እንዲሰጥ ይጠየቃል። «ሞጣን ሰጠሁሽ» ካለ አሸናፊዋ «ሞጣ ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ ትጀምርና እዚያ ያገኘችውን እየዘረዘረች ተሸናፊውን ትነካዋለች። ልጁ ሕግ ባለው ጨዋታ መነካትን የሚለምደው እዚህ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ተራው የሱ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይቻላል። ከእንቆቅልሹ በኋላ ትልቁ ሰው የምሳሌውን የመጀመሪያ ግማሽ ይበልና ልጆቹ የራሳቸውን መጨረሻ ይፈልጉለት። «ፍየል ከመድረሷ» ብሎ ዝም ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉም «ቅጠል መበጠሷ» ይላሉ፤ ያ ይቆጠርላቸዋል፣ ምሳሌውን ማወቃቸው ነው። ከዚያ «እሺ፣ ትምህርት ቤት የደረሰች እንደሆነስ?» ብሎ መጠየቅ። አንዱ «እርሳስ መዋሷ» ይላል። ሌላዋ «ደወል መጠበቋ» ትላለች፤ ቤቱ በደንብ አልመታም፣ ግን ምቱን ይዛዋለች። ቤት ያልመታውን ትልቁ ሰው ራሱ አያርመው፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው «አልገጠመም!» እያሉ ያስተካክሉታል። ፍየሏ የክፍላቸው የትኛዋ ልጅ እንደሆነች መናገር ግን ከተጀመረ ወዲያው ወደ ሌላ እንስሳ መቀየር ያስፈልጋል።